ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ መጥረቢያና መዶሻ ውስጥ የቀረ የዛቢያ ጉማጅ እንዴት ይወጣል?

ዛቢያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አንገቱ ላይ፣ ልክ ብረቱ ሥር ነው። እጃችን ላይ ረጅሙ ዱላ ይቀራል፤ ብረቱ ውስጥ ደግሞ በጣትም በፒንሳም የማይያዝ ጉማጅ ተወትፎ ይቀራል። አዲስ ዛቢያ ጠርቦ ማግባት ለለመደው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰው የሚማረረው በዚያ በጉማጁ ነው። በአናጢነት ስሠራ ጎረቤትም ደንበኛም ተሸክሞ የሚያመጣልኝ ብረት አንድ ዓይነት ችግር ያለበት ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹም መልሶቹም ተመሳሳይ ሆነውብኛል። እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ከዚህ በታች "የታች አፍ" የምለው ቀዳዳው ዛቢያው የሚገባበትን በኩል ነው። "የላይ አፍ" የምለው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ሽብልቁ የሚታይበትን አናቱን ነው።

ጉማጁን ከየት ወደ የት ነው የምመታው?

ከታች አፍ ወደ ላይ አፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና እዚህ ላይ ነው። ሽብልቁ አናት ላይ ስለሚታይ ዐይን ወደዚያ ይሄዳል፤ እጅም ዐይንን ይከተልና ከላይ መምታት ይጀመራል። በዚህ ጊዜ እየሆነ ያለው ሽብልቁ ይበልጥ ወደ ውስጥ መግባት፣ እንጨቱም ይበልጥ መወጠር ነው። ከሃያ ምት በኋላ ጉማጁ ከመጀመሪያው በባሰ ሁኔታ ይጣበቃል።

ምክንያቱ የቀዳዳው ቅርጽ ነው። የመጥረቢያና የመዶሻ ቀዳዳ ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ወይ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ መሐሉ ላይ እንደ ወገብ ጠበብ ብሎ በሁለቱም አፍ ይሰፋል። ዛቢያው ከጠባቡ ከታች ይገባል፣ አናቱ በሽብልቅ ይሰነጠቅና ሰፊውን ክፍል ይሞላል። ብረቱ በሥራ ላይ ተወርውሮ እንዳይሄድ የሚይዘው ይህ የሰፋ አናት ነው። ስለዚህ እንጨቱ መውጣት የሚችለው በሰፊው በኩል ብቻ ነው።

ከመምታታችሁ በፊት ግን ሁለቱንም አፎች በማስመሪያ ለኩ። የላዩ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከሰፋ ነገሩ እንዳልኩት ነው። ዶማ ላይ ግን ሥርዓቱ ይለያል። የዶማ ዛቢያ ከላይ ገብቶ፣ ጫፉ ወፍራም ስለሆነ ራሱን በራሱ ያጠብቃል እንጂ ሽብልቅ አያስፈልገውም። አንጥረኛ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራቸው አንዳንድ መጥረቢያዎችም እንደ ዶማ ናቸው። ሽብልቅ ካላያችሁና አናቱ ላይ ያለው እንጨት ከታቹ ወፍሮ ካገኛችሁት፣ ጉማጁ የሚወጣው አሁንም ወደ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ምት መውጣቱ ነው።

ለምን እሳት ውስጥ ጥዬ አላቃጥለውም? እንጨቱ አመድ ሲሆን ይወጣል አይደል?

ይወጣል። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ መጥረቢያቸውን ይዘው ሲመጡ "አንተ ልጅ፣ ከሰሉ ላይ ጣለው እንጂ ምን ያለፋሃል" ነበር ያሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጥረቢያ ስለት ሲሠራ መጀመሪያ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ በዚህ በጣም ይጠነክራል። እንዲሁ ቢተው ግን እንደ ብርጭቆ ይሸራረፋልና፣ ቀጥሎ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት በልኩ እንዲለዝብ ይደረጋል። ጥሩ ስለት ማለት ይህ ልክ የተጠበቀለት ነው። በኋላ ላይ ብረቱ ከዚያ ልክ በላይ ከሞቀ መለዘቡ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ነበረበት አይመለስም። የከሰል ፍም ደግሞ ሳይናፋ እንኳ ከዚህ እጥፍ በላይ ይሞቃል።

ብረት ምን ያህል እንደሞቀ በቀለሙ ይታወቃል። የተወለወለ ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ቡናማና ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያም ያልፍና ይገረጣል። ስለቱ ሰማያዊውን አልፎ ግራጫ ከሆነ ሥራው አበቃ። ሌላው ምልክት ሞረድ ነው፦ ሞረዱ ስለቱን እንደ ተራ ሚስማር ያለ አንዳች ትግል ከበላው ብረቱ ለዝቧል።

ሽማግሌው በኋላ እንደነገሩኝ ከዚህ በፊት የነበራቸውን መጥረቢያ እንዳሉት ከሰል ላይ ጥለውት ነበር። እንጨቱ ወጣ፣ አዲስ ዛቢያ ገባለት፣ የመጀመሪያው የወይራ ቁጥር ላይ ሲያርፍ ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ሞርደው ያቀኑታል፣ ተመልሶ ይታጠፋል። እሳቸው "የዛሬ ብረት" እያሉ ሲያሙ የኖሩት ያን መጥረቢያ ነው። ያን ብረት ለማዳን አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ እንደገና ማስጋልና ማስጠንከር ያስፈልጋል፤ የዚያ ዋጋና ድካም ጉማጅ ከማውጣት ይበልጣል።

ስለቱን እርጥብ ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ቀዳዳውን ብቻ የሚያቃጥልም አለ። ረጅም ምላስ ባለው መጥረቢያ ላይ የሚሳካበት ጊዜ ይኖራል። መዶሻ ላይ ግን አይሞከርም፤ መምቻ ፊቱ ከቀዳዳው ያለው ርቀት ጥቂት ሳንቲም ሜትር ስለሆነ አንዱን አሙቆ ሌላውን ማቀዝቀዝ አይቻልም። ፊቱ የለዘበ መዶሻ ሚስማር በመታ ቁጥር ይጎደጉዳል።

መምታት ከመጀመሬ በፊት ምን ላዘጋጅ?

መጀመሪያ የተሰበረው እንጨት ከታች አፍ ውጭ የተንጨፈረረ ከሆነ በመጋዝ ከብረቱ ጋር እኩል ቁረጡት። የብረት መጋዝ ይሻላል፤ ብረቱን ቢነካ አይበላሽም። ዛቢያው ገና ሳይሰበር ለመለወጥ ከሆነም እንዲሁ፣ ከብረቱ ሥር ቆርጣችሁ ጣሉት። ዛቢያውን ይዞ ከብረቱ ለመንቀል መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ቀጥሎ ብረቱ የሚያርፍበት ነገር ነው። ሞርሳ ካላችሁ መንጋጋውን ከቀዳዳው ስፋት ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ክፈቱና፣ ብረቱን አናቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡበት። አታጥብቁት፣ ይረፍበት እንጂ። ሞርሳ ከሌለ ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ወፍራም የእንጨት ቁራጮች በሦስት ሳንቲም ክፍተት አስተኝታችሁ ብረቱን በላያቸው ላይ አድርጉት። ዋናው ነገር ከጉማጁ ሥር ባዶ ቦታ መኖሩ ነው። መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጦ የሚመታ ሰው ጉማጁ የሚወጣበትን በር ዘግቶ ነው የሚደበድበው።

ሦስተኛው ማውጫው፣ ማለትም ምቱን ወደ እንጨቱ የሚያደርሰው ነገር ነው። ከግንባታ የተረፈ 15 ሳንቲም የሚሆን ፌሮ ጫፉን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ለመጥረቢያ 14 ወይም 16 ሚሊ ሜትር፣ ለተራ የአናጢ መዶሻ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። እንጨቱ ገና ሙሉ ሆኖ ሳለ በቀጭን ፌሮ መሐሉን ስትመቱት ፌሮው ራሱ ሽብልቅ ይሆናል፤ እንጨቱን ወደ ግራና ቀኝ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሙከራ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት በቀዳዳው ቅርጽ የተጠረበ፣ ከቀዳዳው በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ኩርማን አዘጋጁ። እሱ ጉማጁን በሙሉ አካሉ ይገፋዋል። ፌሮው የሚጠቅመው በኋላ፣ መሐሉ ከተቦረቦረ በኋላ ነው።

የዐይን መከላከያ መነጽር አድርጉ። በሌላ መዶሻ የመዶሻን ወይም የመጥረቢያን ብረት በቀጥታ አትምቱ፤ ሁለት የጠነከሩ ብረቶች ሲጋጩ የሚፈናጠረው ስባሪ ሥጋ ውስጥ ይገባል። የመጥረቢያውን ስለትም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ብረቱ ከሞርሳው ላይ ዘሎ እግር ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

መታሁት፣ መታሁት፣ ንቅንቅ አላለም። አሁንስ?

አቁሙ። አሥር ጠንካራ ምት ያላነቃነቀውን እንጨት ሃምሳኛው አያነቃንቀውም። ውጥረቱን ከውስጥ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህንን የሽማግሌውን መጥረቢያ ላይ የሠራሁትን ብነግራችሁ ይቀላል።

የቀዳዳው የላይ አፍ 62 በ22 ሚሊ ሜትር፣ የታቹ 58 በ19፣ ጥልቀቱ 55 ሚሊ ሜትር ነበር። አናቱ ላይ አንድ የእንጨት ሽብልቅ፣ ሦስት የሚስማር ራሶችና ከጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይታያል፤ በየዓመቱ ሲላላ እየተጨመረ የኖረ ነው። በወይራው ኩርማን አሥር ጊዜ ያህል መታሁት፣ አልሆነም።

ስለዚህ በድሪል ለመሰርሰር ወሰንኩ፤ የሰረሰርኩትም ከታች አፍ በኩል ነው። ሚስማርም የብረት ሽብልቅም የሚገባው ከላይ ስለሆነ፣ ከታች ያለው እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ በቀዳዳው ረጅም መስመር መሐል ላይ አምስት ቀዳዳዎች፣ ከአንዱ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 11 ሚሊ ሜትር እየለካሁ ምልክት አደረግኩ። በረድፍ መሆናቸው ዋና ነው፤ እንጨቱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ ግማሾች ወደ መሐል እንዲወድቁ ነው የምንፈልገው። ሁለት ቀዳዳ ሳይሰናከል ሄደ። ሦስተኛው ላይ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ስደርስ ድምፁ ተለወጠና ጮኸ፣ ከሚወጣው የእንጨት ብናኝ መሐል የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ ታየ። ሚስማር ነው። እዚያ ላይ ተጭኖ መቀጠል መሰርሰሪያውን ከማቃጠል ወይም ወደ ጎን ሸርተት ብሎ የቀዳዳውን ግድግዳ ከመቧጨር በቀር ጥቅም የለውም። ትቼው አራተኛውንና አምስተኛውን ጨረስኩ።

ቀጥሎ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ አሮጌ መሮ በቀዳዳዎቹ መካከል የቀሩትን ድልድዮች ሰነጠቅኩ። እዚህ እንጨቱ ራሱ ያግዛል፤ የዛቢያው ጅማት ከታች ወደ ላይ በቀዳዳው ርዝመት ስለሚሄድ፣ መሮው ከጫፉ ሲገባበት እንደ ማገዶ እየተፈለጠ ይነሳል። መሐሉ ሲከፈት መሮውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጌ፣ ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቼ፣ ቀሪውን ወደ መሐል ገፋሁት። ከዚያ 16 ሚሊ ሜትሩን ፌሮ አምጥቼ መታሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች "ድም" የሚል የታፈነ ድምፅ ነበራቸው። በሦስተኛው ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እንጨቱ ከብረቱ ተላቋል ማለት ነው። በአምስተኛው ጉማጁ ከነሚስማሮቹና ከነጎማው በላይ አፍ ወጥቶ ወደቀ። ከመለካት ጀምሮ አርባ ደቂቃ ያህል ወስዶብኛል። ሽማግሌው ሁለተኛ ሻይ ሳይጨርሱ ነበር።

ድሪል የለኝም፣ ወይም መብራት ጠፍቷል።

በመሮ ብቻ ይሠራል፤ የሚጨምረው ጊዜ ነው። ከመሐል ጀምሩ እንጂ ከግድግዳው አትጀምሩ። ጠባብ መሮ በረጅሙ መስመር ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ አግቡ፣ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉ፣ የተፈለጠውን አውጡ፣ እንደገና ግቡ። እንጨቱ መሐሉ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ካገኘ በኋላ በፌሮ ይሄዳል። ጥሩ መሮአችሁን አታምጡ፤ ሚስማር ማግኘቱ አይቀርም።

የጋለ ፌሮ ወስዶ መሐሉን በማቃጠል መብሳት የድሮ ዘዴ ነው፤ ብረቱን እሳት ውስጥ ከመጣል ጋር አንድ አይደለም። ሙቀቱ በቀጭን ፌሮ ስለሚመጣ ትንሽ ነው፣ የቀዳዳው ዙሪያም እንደ ስለቱ የጠነከረ አይደለም። የምጠብቀው ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ የስለቱ ጫፍ በባዶ እጅ ተይዞ የማያቃጥል መሆን አለበት። ሞቅ ካለ ብረቱ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ትቼ እንደገና እቀጥላለሁ።

ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ምንም ሳይሠራ ሊጠቀም ይችላል። ብረቱን በበጋ ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ (ላዩ ላይ ሳይሆን) ለአንድ ሳምንት አቆዩት። እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ አንዳንዱ በወይራው ኩርማን በሁለት ምት ይወጣል። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ ጉማጅ ነው ከሁሉም የሚያስቸግረው።

ሚስማሮቹን ወይም የብረት ሽብልቁን በቅድሚያ ከላይ ልንቀለው?

ራሱ ብቅ ያለ ከሆነና ፒንሳ የሚይዘው ከሆነ ንቀሉት። ካልሆነ አትልፉ። ዙሪያው ያለው እንጨት ሲወጣ ብረቱ የሚይዘው ነገር አጥቶ አብሮ ይወድቃል። ሽብልቁን ለማውጣት አናቱን በመሮ መቆፈር ያለባችሁ ሌላው ሁሉ ያልሠራ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱም የቀዳዳውን ከንፈር ላለመምታት ተጠንቅቆ ነው።

ውሃ ውስጥ ብዘፈዝፈው ይለሰልስና አይወጣም?

አይወጣም፣ ያብጣል። ይህ ሐሳብ የመጣው የላላ መጥረቢያን ውሃ ውስጥ አድሮ ሲጠብቅ ካየ ሰው ነው፤ መጥበቁ በራሱ ማበጡን ይመሰክራል። በነገራችን ላይ የላላውንም ቢሆን ውሃ አያድነውም። ያበጠው እንጨት ብረቱ ስለማይሰፋለት ጅማቱ ይደቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ ያነሰ ሆኖ ይቀራል። ሰኞ ጠብቆ ሐሙስ ላይ ብረቱ ሲወረወር ያየነው ለዚህ ነው።

እጀታው እንጨት ሳይሆን ፋይበር ነው። ወይም እንጨቱ በማጣበቂያ ተሞልቷል።

ከፋብሪካ የሚመጡ የፋይበር እጀታ ያላቸው መዶሻዎች ውስጥ በኬሚካል ማጣበቂያ ተሞልተው ነው የሚደርሱን። ለእነዚህ የፈላ ውሃ ጥሩ ነው፤ 100 ዲግሪ ብረቱን ምንም አያደርገውም፣ አብዛኛውን ማጣበቂያ ግን ያለዝበዋል። ሩብ ሰዓት ያህል ውሃው ውስጥ አፍሉት፣ ወዲያው አውጥታችሁ በወፍራም ጓንት ይዛችሁ ምቱት። ካልሆነ ቀዳዳዎቹን አብዝታችሁ ሰርስሩ። የፋይበር ብናኝ ቆዳም ሳንባም ይቆጠቁጣልና አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ጉማጁ ወጣ። ወዲያው አዲሱን ላግባ?

ቀዳዳውን ሳትመለከቱ አታግቡ። በመጀመሪያ ስንጥቅ መኖሩን ፈትሹ፤ በተለይ ቀዳዳው ጎኖች ላይ፣ ብረቱ ቀጭን የሆነበት ቦታ። ብረቱን በነጭ ጋዝ አርሱትና በደንብ ወልውሉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ቀቡት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጥቂት ቆይቶ ጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን እርጥብ መስመር ያወጣል። እንዲህ ያለ ብረት ዛቢያ አይገባለትም። ምናለሽ ተራ ወስዳችሁ በኪሎ ሽጡት፣ ስንጥቅ እንዳለው ግን ተናገሩ።

ደህና ከሆነ ዝገቱን በሞረድ ጥረጉ። ሲመታ የኖረ ብረት ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለት ያወጣል፤ የታች አፉ ላይ ያ ስለት ካለ አዲሱ ዛቢያ ሲገባ ጅማቱን እየቆረጠ ይገባል፣ በሚቀጥለው ጊዜም የሚሰበረው ልክ እዚያው ላይ ነው። የታች አፉን ጠርዝ በክብ ሞረድ ጥቂት አለዝቡት። ግድግዳውን ግን አታስፉ፤ ሸካራነቱም ቢሆን እንጨት ይይዛልና አትወልውሉት።

የሚቀጥለው ጉማጅ በቀላሉ እንዲወጣ አሁን ምን ላድርግ?

እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ወይራ፣ ክትክታ ወይም ጥሩ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ ዋንዛ ለዚህ ይለሰልሳል። ዛሬ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ገብቶ ቢጠብቅም ከወር በኋላ ይላላል፣ ከዚያ ሚስማር ይጨመርበታል፣ ከዚያ ይህን ገጽ እንደገና ታነባላችሁ። ጅማቱ በዛቢያው ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ምረጡ፤ ከተፈለጠ እንጨት የተጠረበ በመጋዝ ከተቆረጠ ጣውላ ይሻላል።

ዛቢያው አናት ላይ ለሽብልቅ የሚሆነውን ስንጥቅ በመጋዝ ስትቆርጡ የቀዳዳውን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ በእኛ መጥረቢያ 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ለማግባት ብረቱን መምታት አያስፈልግም። ብረቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ዛቢያውን በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ ያዙና የዛቢያውን የኋላ ጫፍ በእንጨት መዶሻ ምቱት። ዛቢያው በብረቱ ውስጥ ይወርዳል፣ ብረቱ በክብደቱ ባለበት ይቆያል፤ መጀመሪያ ሲታይ ያስገርማል፣ ግን ከማንኛውም ዘዴ ይበልጥ ያጠብቃል። ከዚያ ከጠንካራ ደረቅ እንጨት የተሠራ አንድ ሽብልቅ ይበቃል። ሚስማርና ጎማ አትጨምሩ። ማጣበቂያም አልወድም፤ አንድ ቀን የሚያወጣው ሰው እኔው ነኝና።

አናቱ ላይ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ከብረቱ በላይ ተርፎ ይቆይ። የወጣውን ጫፍ በተልባ ወይም በኑግ ዘይት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ ሁለቱም እንጨት ላይ የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨበጠ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የወጣውን ጉማጅ ልጣለው?

ሳይፈረካከስ ከወጣ አትጣሉት፤ የቀዳዳውን ውስጣዊ ቅርጽ ያህል ትክክል የሚያሳይ ነገር የለም። የት እንደሚጠብ፣ የት እንደሚሰፋ ሁሉ ላዩ ላይ ተቀርጿል። አዲሱን ዛቢያ ስትጠርቡ አጠገቡ እያስቀመጣችሁ ለኩበት። ተቆራርጦ ከወጣ ደግሞ ካርቶን ቀዳዳው አፍ ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ተጫኑት፣ የቀዳዳው ጠርዝ ታትሞ ይቀራል፤ ለላይና ለታች አፍ ለየብቻ። የሽማግሌው ጉማጅ በድሪል ስለተቦረቦረ የካርቶኑን ልክ ነው የወሰድኩት። ሁለቱ ካርቶኖች "ላይ"፣ "ታች" ተብሎ ተጽፎባቸው የሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቅለዋል፤ ከጉማጁ ከወጡት ከሦስቱ በአንደኛው።